ከአንድ ገጽ ሪፖርት አንድ ስላይድ

በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጦ የማያውቅ ሠራተኛ ስለሌለ ነገሩን ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም። አቅራቢው «እንግዲህ እንደምታዩት» ይላል፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ግን ከሪፖርቱ ተቆርጦ የተለጠፈ ሙሉ አንቀጽ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ማንበብ አይችልም። ከፊት ያለው ማንበብ ይጀምርና አቅራቢውን መስማት ያቆማል፤ ሰው እያነበበ የሌላ ሰው ንግግር መከታተል አይሆንለትምና። አቅራቢውም ይህ ሲገባው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አብሮ ማንበብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ንባብ ሆነ ማለት ነው፤ ለንባብ ደግሞ ሪፖርቱ ራሱ ይሻል ነበር።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ «አሳጥረው» በሚል ምክር ይታለፋል። ማሳጠር ግን ሌላ ሥራ ነው። አንቀጹን በስድስት ነጥብ ከፋፍሎ ከየነጥቡ ግሱን መቁረጥ ስላይድ አያወጣም፤ የተቆራረጠ አንቀጽ ብቻ ነው የሚያወጣው። ሥራው ምን እንደሆነ ለማየት አንድ እውነተኛ ገጽ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2016፣ በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም.፣ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት አካሂዶ ነበር። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 15,683 ሴቶች መጠይቁን መልሰዋል። ከጥናቱ ሪፖርት የእናቶች ጤና ምዕራፍ ዋና ዋና ግኝቶቹ በአንድ ገጽ ቢጨመቁ፣ በለመድነው የሪፖርት አማርኛ እንዲህ ይነበባሉ፦

«ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ ከወለዱ እናቶች መካከል 62 በመቶ የሚሆኑት በመጨረሻው እርግዝናቸው ወቅት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሠለጠነ የጤና ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙ ሲሆን፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 32 በመቶ ናቸው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ከነበሩት ወሊዶች 26 በመቶው በጤና ተቋም የተከናወኑ ሲሆን፣ ይህም በ2005 ከነበረው 5 በመቶ እና በ2011 ከነበረው 10 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ዕድገት ማሳየቱን መገንዘብ ይቻላል። በጤና ተቋም መውለድ በከተማ 79 በመቶ፣ በገጠር 20 በመቶ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 97 በመቶ፣ በአፋር ደግሞ 15 በመቶ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የጤና ምርመራ ያገኙት እናቶች 17 በመቶ ናቸው።»

አሥር አኀዝ፣ አራት ዓረፍተ ነገር። እንደ ሪፖርት ነውር የለበትም። ሪፖርት አንባቢው የሚመለስበት፣ በእርሳስ የሚያሰምርበት፣ ከሠንጠረዡ ጋር የሚያስተያየው ጽሑፍ ነው። ስላይድ ግን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ታይቶ ይጠፋል፤ ወደ ኋላ ገልጦ የሚያይ ተመልካች የለም።

እንግዲህ ሥራው ሲጀመር ኮምፒዩተሩ ዝግ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ማነው? ይህን አይቶስ ምን እንዲወስን ነው?» የሚል ነው። ከላይ ያለው ገጽ ለተለያየ ሰው የተለያየ ነገር ይናገራል። በጀት ለሚያጸድቅ ኮሚቴ የሚጠቅመው ከ5 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 26 የሄደው ጉዞ ነው፤ የወጣው ገንዘብ ውጤት አምጥቷል ወይ የሚለውን ይመልስለታል። የጤና ጣቢያና የመንገድ ሥራ የት ይቅደም ብሎ ለሚያስብ ዕቅድ አውጪ ደግሞ የከተማና የገጠሩ ልዩነት ይበልጥበታል። የእኛ ተመልካቾች ግን የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ናቸው እንበል፤ የሚወስኑትም በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻቸው ጊዜ በምን ላይ እንዲውል ነው። ተመልካቹ ሲታወቅ ከአሥሩ አኀዞች አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ ይወድቃሉ። የአዲስ አበባ 97 በመቶ ለገጠር ወረዳ ኃላፊ ምን ያደርግለታል?

ቀጥሎ ገጹን አትሞ፣ እርሳስ ይዞ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ «ታዲያስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። 62 በመቶ ክትትል አድርገዋል። ታዲያስ? ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን የሚያስወስን አይደለም። 26 በመቶው ወሊድ በጤና ተቋም ነው። ታዲያስ? ያሳዝናል፤ ግን የት ላይ እንደምንሠራ አይነግረንም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙዋ እናት ጤና ባለሙያ ፊት ቀርባለች፤ ጤና ድርጅቱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ካርድ ወጥቶላታል። ምጧ ሲመጣ ግን ቤቷ ናት። ለወረዳው ኃላፊ ይህ የሚያዝ ነገር ነው፤ አዲስ እናት ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት በክትትል ያገኛትን እናት እስከ ወሊድ ሊይዛት ይችላልና።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ ሐሳብ በገጹ ውስጥ በአንድም ዓረፍተ ነገር አልተጻፈም። 62 አንደኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፣ 26 ሁለተኛው ውስጥ አለ፤ ያገናኛቸው ግን የለም። ብዙ ሰው ስላይድ ሲሠራ ከገጹ ውስጥ «ዋናውን ዓረፍተ ነገር» ፈልጎ ይገለብጣል። ዋናው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው የሚገኘው፤ ፈልቅቆ የሚያወጣውም ገጹን የተረዳ ሰው ነው። ስለዚህ ስላይዱን ምዕራፉን ላላነበበ ወጣት ረዳት ሰጥቶ «በፓወርፖይንት አስተካክልልኝ» ማለት የሥራውን ዋና ክፍል ለማይችለው ሰው መስጠት ነው።

ሐሳቡ ከተገኘ ርዕስ ሆኖ ይጻፋል። በተለመደው አሠራር የዚህ ስላይድ ርዕስ «የእናቶች ጤና አገልግሎት አጠቃቀም ሁኔታ» ይሆን ነበር። ይህ የፋይል ስም ነው እንጂ መልእክት አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ርዕሱን አንብቦ «አይደለም፣ አልስማማም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል ወይ? «የአጠቃቀም ሁኔታ» በሚለው ላይ የሚከራከር የለም፤ የሚናገረው ነገር ስለሌለ። አሜሪካዊው የምህንድስና ጽሑፍ መምህር ማይክል አሊ ለዓመታት ያስተማረው ዘዴም ይኸው ነው፦ ከላይ ግስ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የሚያረጋግጥ ሥዕል ወይም ግራፍ፤ የነጥቦች ዝርዝር የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ «እርጉዞች ለክትትል ይመጣሉ፤ ለመውለድ ግን አይመጡም» ቢሆንስ? ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ውሸት አለበት። ክትትል ያላገኙ 38 በመቶ አሉ፤ በጤና ተቋም የተወለዱ ሕፃናትም አሉ። ከአዳራሹ አንድ ነርስ ተነሥታ «በእኛ ጤና ጣቢያ እኮ ይወልዳሉ» ብትል ስላይዱ ወደቀ። ሁለተኛው ሙከራ «ከክትትል 62 በመቶ ወደ ወሊድ 26 በመቶ፦ 36ቱ የት ገቡ?» የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

ሪፖርቱ በጥንቃቄ ከተነበበ ሁለቱ መቶኛዎች የተሰሉት ከአንድ ቁጥር አይደለም። 62 በመቶ የተሰላው ከእናቶች ነው፤ እያንዳንዷ እናት አንድ ጊዜ፣ ለመጨረሻ ልጇ ብቻ ተቆጥራለች። 26 በመቶ ግን የተሰላው ከወሊዶች ነው፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወለደች እናት ሁለት ጊዜ ገብታለች። በዚያ ላይ በጤና ተቋም ከወለዱት ውስጥ ክትትል ሳያደርጉ ምጥ ሲጠናባቸው ብቻ የመጡም ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ 26ን ከ62 ቀንሶ «36ቱ ጠፉ» ማለት አይቻልም። ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ርቀቱ በዚህ የሚካድ አይደለም፤ መቀነስ ግን አይቻልም። በሪፖርቱ ውስጥ ይህን የሚናገረው ከሠንጠረዡ ራስጌና ግርጌ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ነው፤ ገጽ ወደ ስላይድ ሲቀየር መጀመሪያ የሚጣለውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ይይዛል፦ «አብዛኞቹ እናቶች ለክትትል ይመጣሉ፤ አብዛኛው ወሊድ ግን በቤት ነው።» እናቶችን እናቶች፣ ወሊድን ወሊድ ብሎ ጠርቷል፤ 62ም «አብዛኞቹ» ለማለት ይበቃል፤ ሪፖርቱ በቤት የተከናወነ ያለውም 73 በመቶ ነው። በሁለት መስመር ይገባል፤ መስመሩም የሚሰበረው በድርብ ሰረዙ ላይ ነው፣ ሐሳቡ በሚታጠፍበት። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ርዕሱ ሦስት መስመር ከሆነ ተመልካቹ ፍሬ ነገሩ ጋ ሳይደርስ ዓይኑን ወደ ግራፉ ይጥላል።

ግራፉ ከሁሉም የቀለለ ክፍል ነው። ሁለት አግዳሚ ዘንጎች፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ ከዜሮ የሚጀምሩ። የላይኛው ግራጫ ሆኖ 62 በመቶ፣ የታችኛው ደማቅ ሆኖ 26 በመቶ፤ ቁጥሩ ዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ስሙ ከጎኑ። ከኋላ የሚሰመሩት መስመሮች፣ የቀለም መግለጫው ሳጥን፣ ጥላና ሦስት ገጽታ ያለው ጌጥ ሁሉ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚወድደው ክብ ግራፍ እዚህ አይሠራም፤ ክብ ግራፍ የአንድ ሙሉ ነገር ክፍልፋዮች ማሳያ ነውና። የሚገርመው ፕሮግራሙ አይከለክልም። 62 እና 26ን አስገብተው ክብ ግራፍ ቢያዝዙት ሁለቱን ደምሮ 70 በመቶ እና 30 በመቶ የሚል ቆንጆ ሥዕል ያወጣል፤ በሪፖርቱ የትም ገጽ የሌሉ ሁለት አኀዞች።

ከሥር በትንሽ ፊደል አንድ መስመር ይቀራል፦ «ክትትል ከእናቶች፣ ወሊድ ከወሊዶች የተሰላ። ምንጭ፦ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. 2016።» «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ እንዳትረሳ። በእኛ አዳራሽ 2005 ወይም 2011 ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ግማሹ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያነብበዋል፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት በዝምታ ይገባል።

የቀሩት ስምንት አኀዞችስ? አይጣሉም፤ ቦታቸው ይለወጣል። የከተማና የገጠሩ አኀዝ በአቅራቢው ማስታወሻ ውስጥ፣ ስላይዱ ሥር ተመልካቹ በማያየው ቦታ ይጻፋል፤ አቅራቢው በቃሉ ይናገረዋል። የክልሎቹ ሠንጠረዥ ከመጨረሻው «እናመሰግናለን» በኋላ ተደብቆ ይቀመጣል። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «የእኛ ክልልስ?» ሲል አቅራቢው የስላይዱን ቁጥር ጽፎ ኢንተርን ይጫናል፤ ፓወርፖይንት በቀጥታ እዚያ ይወስደዋል። ሙሉው ገጽ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ይታደላል፤ ቢቻል በመጨረሻ፣ መጀመሪያ ከታደለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ማንበብ ይጀምራልና።

እውነቱን ለመናገር ትልቁ ችግር ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ረቂቁን ያየው አለቃ «ምነው ተራቆተ? ትንሽ ቁጥር ጨምርበት እንጂ» ይላል። አንዱ ደግሞ የእናቶች ሞት አኀዝ ይግባ ይላል፤ ያው ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከባድ ቁጥር ነው፤ ለዚህ ነው እዚህ መግባት የሌለበት። እንደገባ ሰው ስለ ሌላ ነገር አይወያይም፤ ክትትልና ወሊድ ተረስተው ውይይቱ ወደ ደም ባንክና ወደ አምቡላንስ ይሄዳል። ለ412 የራሱ ስላይድ ይሠራለት። ለአለቃ የሚሰጠው መልስ «አወጣሁት» ሳይሆን «አዛወርኩት፤ ማስታወሻውና የሚታደለው ወረቀት ላይ አለ» ነው፤ ብዙ ጊዜ ያረጋጋል።

አንድ ሐሳብ ብቻ መያዝ አደጋም አለው፤ ርዕሱ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር አብሮ ይሳሳታል። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ስትተኮስ ከነዳጅ ታንኳ ላይ የተላቀቀ የአረፋ ስብርባሪ ክንፏን መታት። መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ ኃላፊዎች ስላይዶች አቀረቡ። የአንደኛው ርዕስ ከዚህ በፊት የተደረጉ ሙከራዎች የሚያረጋጋ ውጤት እንዳሳዩ የሚያስመስል ነበር። ከሥሩ ነጥብ በነጥብ፣ ንዑስ ነጥብ በንዑስ ነጥብ ተደርድሮ፣ መጨረሻ መስመር ላይ በትንሹ ፊደል ክንፏን የመታው ስብርባሪ 1,920 ኩቢክ ኢንች፣ በሙከራው የተሞከረው ግን 3 ኩቢክ ኢንች ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። የ640 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው፤ ሙከራው ስለዚህ አደጋ ምንም ሊል አይችልም ነበር። መንኮራኩሯ የካቲት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ስትመለስ ከነሰባት ጠፈርተኞቿ ጠፋች። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ይህን ስላይድ ለይቶ ተችቶታል። ስላይዱ ብቻውን አደጋውን አመጣ ማለት አይደለም። ነገር ግን ርዕስ ሊሆን የሚገባው ዓረፍተ ነገር ግርጌ ወርዶ ነበር። እኛም ገጹን ስንቀይር ግርጌ የወረደውን መስመር ደግመን ማየት ያለብን ለዚህ ነው፤ ርዕሳችንን የሚያፈርስ ነገር እዚያ ካለ ርዕሱ ነው የሚለወጠው።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር። የግዕዝ ፊደል በትንሽ ቦታ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ሁ እና ሀ፣ ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ፕሮጀክተሩ ትንሽ ከደበዘዘ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቅጥያ ናት። ስለዚህ ለላቲን ፊደል ይበቃል የሚባለው መጠን ለአማርኛ ያንሳል፤ ርዕሱ ከ32፣ የዘንጎቹ ስም ከ24 ባያንስ ይመረጣል። ኒያላ የተባለው ፎንት የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ስለሆነ «ደማቅ» የሚለው ሲጫን ፕሮግራሙ መስመሩን በግድ ያወፍረዋል፤ የጠበበው ክፍተት ይደፈናል፣ ፊደሉም ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላል። ማድመቅ ካስፈለገ የራሳቸው ደማቅ ዓይነት ያላቸው ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻላሉ። በድሮ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ስላይድ ደግሞ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ምልክት መዓት ሆኖ ይወጣል። በፒዲኤፍ አንድ ቅጂ ይዞ መሄድ ከዚህ ያድናል።

ሲያልቅ የሚደረጉ ፈተናዎች ደቂቃ አይፈጁም። ስላይዱን በኤ4 ወረቀት አትሞ ወለል ላይ ማስቀመጥና ቆሞ ማንበብ፤ ካልተነበበ አዳራሽ ውስጥም አይነበብም። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ለአፍታ አሳይቶ መደበቅና «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ። «ስለ እናቶች ጤና ነው» ካለ ርዕሱ ገና የፋይል ስም ነው። «ክትትል ይመጣሉ፣ የሚወልዱት ግን ቤት ነው» ካለ ሥራው አልቋል።

ግን ለዘላለም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክትትል ያገኙት እናቶች 74 በመቶ፣ በጤና ተቋም የተከናወኑት ወሊዶች ደግሞ 48 በመቶ ደርሰዋል። «አብዛኛው ወሊድ በቤት ነው» የሚለው ርዕስ በአዲሱ አኀዝ ለጥቂት ነው የሚተርፈው፤ የገጠሩና የከተማው ሁኔታ ተለይቶ ካልታየ በቀር ለብዙ ወረዳ ላይሠራ ይችላል። በኮምፒዩተርዎ ውስጥ የ2016ቱን የያዘ ስላይድ ካለ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ዘንጎቹን ብቻ አስረዝመው አይውጡ፤ ርዕሱን ከአዲሱ ገጽ ጋር አስተያይተው እንደገና ይጻፉት።